ሃምሳ ጆንያ

ፊዚክስ ሳስተምር ዕድሜዬ አለቀ። ካስተማርኳቸው ብዙዎቹ ረስተውታል፤ ይርሱት፣ አልቀየማቸውም። አንድ ሰው ግን በፊዚክስ አሳስሬያለሁ፤ ያንን እኔ መርሳት አልቻልኩም። ልጆቼ «አባባ ለምን ጆንያ ባየህ ቁጥር ትነካካለህ?» እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ዛሬ ልናገረው፤ መቃብር ይዤው ብወርድ ማንን ይጠቅማል?

የተወለድኩት ፎገራ ሜዳ ላይ ነው፣ ክረምት ውሃ ከሐይቁ ወጥቶ ደጃችን ድረስ በሚመጣበት ቀበሌ። ፊደልና ዳዊት ያስተማሩኝ የኔታ ናቸው። አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት አውጥቶ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ሲሰጠኝ አገሩ ሁሉ «ልጁን አጠፋው» ብሎ አባቴን አማው። የኔታ ግን አላሙትም። ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥር አጠገባቸው አስቀምጠው «እስቲ ዘንድሮ ምን ተማርክ?» ይሉኛል። ድንጋይ ለምን እንደሚወድቅ ብነግራቸው «እኔ ሳልማርም ሲወድቅ አይቼዋለሁ» ብለው ይስቁብኝ ነበር። ከአዲስ አበባ ተምሬ መጥቼ፣ ደጋው ላይ ባለች ከተማ ሳይንስ ማስተማር ስጀምር፣ ከሁሉ አብልጦ ደስ ያላቸው እሳቸው ናቸው። ለሰው ሁሉ «የኔ ተማሪ ነው» ይሉ ነበር፤ ልክ እሳቸው ፊዚክስ ያስተማሩኝ ይመስል።

የሞቱት በከተራ ዕለት ነው። ያኔ መኪና ገና በግራ በኩል በሚነዳበት ዘመን፣ እኔ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት። የደብራቸው የታቦት ጥላ ተቀድዶ ኖሮ ለማሠራት ወደ እኛ ከተማ መጡ። ሁለት ቀን እኔ ቤት አደሩ። ጥላው በከተራ ጧት አለቀላቸውና ታቦት ሳይወጣ ለመድረስ ተጣደፉ። የሚወስዳቸው ሰው የፈለግሁላቸው እኔ ነኝ። የወባ መድኃኒት የሚረጩ ሰዎችን የሚያመላልስ አንድ የመንግሥት ላንድሮቨር ነበር። ሹፌሩ የወረታ ሰው ነው፤ ከእኔ ስምንት ዓመት ያህል ይበልጣል፣ መንገድ ላይ ሰው አይቶ የማያልፍ ደግ ሰው። እኔንም ስንትና ስንት ጊዜ ጭኖኛል። ያን ዕለት ሜዳው ዳር ወዳሉ ቀበሌዎች ይወርድ ስለነበር «የኔታን እደጃቸው አደርሳቸዋለሁ» አለኝ። እኔም በሩን ከፍቼ በግራው ወንበር አስቀመጥኳቸውና ጥላውን በጉልበታቸው መሃል አቆምኩላቸው።

ወረታን የማያውቅ እንዳይቸገር መንገዱን ልንገር። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ከተማዋን ከደቡብ ወደ ሰሜን ያቋርጣታል። ከእኛ ከተማ የሚወርደው የደብረ ታቦሩ መንገድ ከምሥራቅ ይመጣና እዚያው ይገናኘዋል። እዚያ አይቆምም፤ በበጋ ጊዜ ወደ ምዕራብ በቀጥታ ተሻግሮ ወደ ሜዳው የሚወርድ የአፈር መንገድ አለ። ላንድሮቨሩ ከምሥራቅ መጥቶ ሊሻገር ሲል፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄድ የጭነት መኪና በግራ ጎኑ ገባበት። ጥጉ ላይ አንድ ቤት ስለነበር አንዱ ሌላውን አላየም። ሁለቱ መኪኖች እንደተያያዙ ጠጠሩን እያረሱ ተንሸራተው ቆሙ። ሹፌሩ ክንዱ ተሰብሮ ተረፈ። የኔታ ወዲያው አረፉ። ጥላው ግን ምንም አልሆነም፤ ያንኑ ዕለት ማታ ታቦቱ በሱ ወረደ አሉኝ።

መርዶው የደረሰኝ በጥምቀት ዕለት ነው። እኔ ነኝ በሩን የከፈትኩላቸው፣ እኔ ነኝ ያስቀመጥኳቸው። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስበት ከራሱ ላይ የሚያወርድበት ሌላ ትከሻ ይፈልጋል። እኔም ወዲያው አገኘሁ። ከተራ ነው፣ ሹፌሩ ታቦት ሳይወጣ ለመድረስ ሲል በሮ ነው የገደላቸው አልኩ። ይህን ያልኩት ገና አንድም ነገር ሳልለካ ነው።

ነገሩን የያዘው የፖሊስ አሥር አለቃ ጠንቃቃ ሰው ነበር። የመንሸራተቱን ፋና ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሮ አስጠብቆታል። በአራተኛው ቀን መጥቶ፣ የሹፌሩ ጥፋት ሁሉ በአንድ ነገር ላይ እንደቆመ ነገረኝ። ከተማ ውስጥ ከአርባ ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም። ሹፌሩ ሠላሳ አምስት ነበርኩ ይላል። አይተናል የሚሉት ሰዎች ደግሞ አንዱ «እንደ ነፋስ» አለ፣ አንዱ «ቀስ ብሎ» አለ፤ ዳኛ በዚህ መፍረድ አይችልም። «እናንተ የተማራችሁት ይህን ማወቅ ትችላላችሁ ይባላል» አለኝ። እችላለሁ አልኩት። በእውነትም ይቻላል፤ ያን ስል አልዋሸሁም።

አብሬው ወረድኩ። የጭነት መኪናው ተጠግኖ፣ ጭነቱም በሌላ መኪና ተጭኖ ወደ ጎንደር አልፏል። ፋናው ግን እንዳለ ነው። በሜትር ለካን። መኪኖቹ ከተጋጩበት እስከቆሙበት ቀጥታው ስምንት ሜትር ነው። የጭነት መኪናው ይሄድበት ከነበረው ከሰሜኑ መስመር ወደ ምዕራብ የወጡት ሁለት ሜትር ነው። ማዕዘኑ አሥራ አራት ዲግሪ ተኩል ያህል መጣ። ቀጥሎ ጠጠሩ ጎማ ምን ያህል እንደሚይዝ ማወቅ ነበረብኝ። ከትምህርት ቤት ባለ ሞላ ሚዛን ይዤ መጥቻለሁ። አሮጌ ጎማ ቆርጠን ድንጋይ ጭነንበት አሥር ኪሎ አደረግነውና በዚያው መንገድ ላይ ጎተትኩት። ሳይቆም ለመንሸራተት አራት ኪሎ ያህል መጎተቻ ጠየቀ። አሥር ጊዜ ጎተትኩት፣ አሥሩንም ጊዜ ከአራት ብዙ አልራቀም። የወረታ ሰው ከቦኝ «የኔታ ሞተው ተማሪያቸው ጎማ ይጎትታል» እያለ ያየኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት ነው። አራት አሥረኛ የሚይዝ መንገድ ላይ፣ ጎማው ታስሮ ስምንት ሜትር ተንሸራቶ የቆመ ነገር፣ ሲጀምር ፍጥነቱ በሴኮንድ ስምንት ሜትር ነው። የሄደበትን አቅጣጫ እናውቃለን። ከስምንቱ ሜትር ሁለቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነ፣ ከፍጥነቱም ሁለቱ ሜትር በሴኮንድ ወደ ምዕራብ ነው፤ ወደ ሰሜን ያለው ሰባት ከሦስት አራተኛ ነው። የቀረው ክብደት ነው። ላንድሮቨሩ ከነሰዎቹ አንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ። የጭነት መኪናው ባዶውን አራት ሺህ አምስት መቶ። የአሥር አለቃው መዝገብ «ሃምሳ ጆንያ ጭነት» ይላል። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ጆንያ ስንት እንደሚመዝን እኔን ማን ይነግረኛል? አንዱን መቶ ኪሎ አልኩና አምስት ሺህ ጻፍኩ። እርሳሴ ለአንድ አፍታ እንኳ አልቆመም።

ፍርድ ቤት የቀረብኩት ከፋሲካ በኋላ ነው። ዳኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ሳይገባቸው የሚያልፉት ነገር የለም። ቁጥሩን ከመንገሬ በፊት ነገሩን በዓይናቸው እንዲያዩት ፈለግሁ። ሁለት ስሙኒ አውጥቼ ጠረጴዛቸው ላይ አንዱን አስቀመጥኩ፣ ሌላውን በጣቴ ገፍቼ ጠርዙን መታሁበት። አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ተንሸራተቱ። ክብደቱን በፍጥነቱ ብናበዛው ሞመንተም የሚባለውን እናገኛለን አልኳቸው። መጀመሪያ የነበረው ሞመንተም ሁሉ ወደ ፊት ነው። ወደ ጎን ምንም አልነበረም። ስለዚህ ከተመታቱ በኋላ አንዱ ስሙኒ ወደ ግራ የያዘውን፣ ሌላው ወደ ቀኝ በያዘው ያጣፋዋል፤ የወደ ፊቱም ሲደመር መጀመሪያ የነበረውን ያህላል። እያንዳንዱ አቅጣጫ የራሱ ሂሳብ አለው፤ አንዱ ከሌላው አይበደርም። ደጋግመው አስመቱኝ፤ በመጨረሻ ራሳቸውም ሞከሩት።

ከዚያ ወደ መኪኖቹ መጣሁ። ከመጋጨታቸው በፊት የጭነት መኪናው ሞመንተም ያለው ወደ ሰሜን ብቻ ነው፣ የላንድሮቨሩ ወደ ምዕራብ ብቻ። ተያይዘው ሲንሸራተቱ የታየው የወደ ሰሜኑ ሁሉ ከጭነት መኪናው የመጣ ነው። የወደ ምዕራቡ ደግሞ ከላንድሮቨሩ ካልመጣ ከየት ይመጣል? ዳኛው አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁኝ። «ብረቱ ተጨራምቷል። መጨራመቱ ፍጥነቱን አልበላውም?» አሉ። መጨራመቱ ጉልበት ይበላል፣ ሞመንተምን ግን አይበላም አልኳቸው፤ አንዱ ሌላውን በገፋው ልክ ሌላውም መልሶ ስለሚገፋው፣ ከሁለቱ ድምር ላይ የሚጠፋ የለም። ይህም እውነት ነው። ዛሬም ቢጠይቁኝ ያንኑ እላለሁ።

ሁለቱ መኪኖች ከነጭነቱ አሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ናቸው። ወደ ምዕራብ በሁለት ሲባዛ ሃያ ሁለት ሺህ። ለላንድሮቨሩ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሲካፈል በሴኮንድ አሥራ አራት ሜትር ከሁለት ሦስተኛ፤ በሰዓት ሃምሳ ሦስት ኪሎ ሜትር ሊሆን ትንሽ ጎደለው። የጭነት መኪናው ሠላሳ ሁለት ላይ መጣ፤ የሱ ሹፌር «ሠላሳ አካባቢ ነበርኩ» ብሎ ነበርና ሁሉም ሰመረልኝ። ሃምሳ ሦስት ስል ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ቁጥሩን ያገኘሁ ዕለት ብቻዬን ቤቴ ተቀምጬ «አገኘሁህ» ብያለሁ።

ሹፌሩ ክንዱ በእንጨት እንደታሰረ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። የሚናገረው እንዳለ ሲጠየቅ፣ ሂሳቡን እንደማያውቅ፣ ሠላሳ አምስት ላይ እንደነበር ግን ዓይኑ እንዳየ ተናገረ። ከዚያ አንድ ነገር ጨመረ።

«ደግሞ ያ መኪና ከባድ አልነበረም። ሲመታን እንደ ባዶ መኪና ነው የዘለለው። እኔ ስንት ዓመት ነድቻለሁ፣ የተጫነ መኪና እንደዚያ አይዘልም።»

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። እኔም ሳላስብ፣ «ሃምሳ ጆንያ ከቀለለው እንግዲህ እሱ ራሱ ይሸከመው» አልኩ። ሰው ሳቀ። ዳኛው እንኳ ፈገግ አሉ። ሹፌሩ አልሳቀም፣ አልተቆጣም፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። አምስት ዓመት ተፈረደበት።

እናቱ ሜዳው ላይ ከእኛው ደብር ናት፤ ልጇን ወረታ ለሥራ የላከች ባል የሞተባት ሴት። ከፍርዱ በኋላ «የኔታን የገደለ እናት» ሆና ቀረች። ማንም ከቤተ ክርስቲያን ውጪ አላላትም፤ ግን በምትቀመጥበት አጠገብ ሌላ ሴት አትቀመጥም፣ ሰላምታዋን የሚመልስ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ይህን የነገረኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። እኔም «እሷ ምን ታድርግ» ብዬ አለፍኩት። እንዲህ ያለ አዛኝ ነበርኩ።

ዓመቱ ዞረ። የኔታ የሙት ዓመት ተዝካር ሲደርስ ተማሪዎቻቸው ተከፋፍለን ያዝነው፤ አንዱ በሬ፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ጤፍ። የእኔ ድርሻ በርበሬ ሆነ። በገበያ ቀን ወረታ ወረድኩ። ወሬ የማይነጥፍበት፣ ዕድሜው የገፋ አንድ የበርበሬ ነጋዴ ጋ ሄጄ ሙሉ ጆንያ እንደምፈልግ ነገርኩት። ለተዝካር መሆኑን ሲሰማ «ነፍስ ይማር» ብሎ፣ እንደኔው አጭር የሆነ ተሸካሚ ጠራ። ሰውዬው መጣና ጆንያውን ብቻውን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣለው። እየተጫወተ ነው የተሸከመው።

ቆሜ ቀረሁ። ያ ጆንያ ቤታችን ስንዴ ስንሞላበት ለሁለት የምናነሳው ዓይነት ጆንያ ነው፤ ቁመቱም ስፋቱም ያው። ስንት ይመዝናል ብዬ ጠየቅሁት። «ደረቅ በርበሬ ምን ክብደት አለው ብለህ ነው» አለና ሚዛኑ ላይ አሰቀለልኝ። ሠላሳ ኪሎ። ጉሮሮዬን አቃጠለኝ፤ አስነጠሰኝ። ያኔ ነጋዴው በሐዘን ራሱን እየነቀነቀ ነገረኝ። «የሚያሳዝነውስ ይኸ ነው» አለ፣ «የኔታን የገደለው መኪና የጫነው የእኔን በርበሬ ነበር። ሃምሳ ጆንያ። ከሸራው ስር የበርበሬው አቧራ ተነስቶ፣ ሊያወጣቸው የሮጠው ሰው ሁሉ እያስነጠሰና እያነባ ነው ያወጣቸው።»

መዝገቡ ላይ ነበር። «ለእርዳታ የመጡት ሰዎች በማስነጠስ ተቸግረው ነበር» ይላል፣ በአሥር አለቃው እጅ፣ ከሃምሳው ጆንያ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ። አንብቤዋለሁ። የመንገድ አቧራ መስሎኝ ነው ያለፍኩት።

በርበሬው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው ያሰላሁት፣ ባለበርበሬው የሰጠኝ ወረቀት ላይ። ሃምሳ ጊዜ ሠላሳ፣ አንድ ሺህ አምስት መቶ። የጭነት መኪናው ከነጭነቱ ስድስት ሺህ። ሁለቱ አንድ ላይ ሰባት ሺህ አምስት መቶ። ወደ ምዕራብ በሁለት፣ አሥራ አምስት ሺህ። ለላንድሮቨሩ ሲካፈል በሴኮንድ አሥር ሜትር። በሰዓት ሠላሳ ስድስት ኪሎ ሜትር። የጭነት መኪናውን ባሰላው ከሠላሳ ሁለት ወደ ሠላሳ አምስት ብቻ ነው የወጣው። ለዚህ ነው ያልታወቀኝ። የተጨመረው ክብደት እሱን ብዙም ሳይነካው፣ ሁሉም ትንሿ መኪና ላይ ነው የወደቀው። ከወረቀቱ ቀና ስል ነጋዴው በርበሬው ያነደደኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

ተዝካሩ ላይ የሹፌሩ እናት ሌማት ተሸክማ ስትመጣ አየኋት። ሴቶቹ በሩ ላይ ተቀበሏት፤ ሌማቱን ወስደው እሷን ግን ግቢ አላሏትም። ትንሽ ቆመች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ተመልሳ ሄደች። ሮጬ ልደርስባት ተነሳሁና ተቀመጥኩ። ምን ልላት ነው? ልጅሽን በሃምሳ ጆንያ አሰርኩት ልበላት? በነጋታው ሳይነጋ ወደ ሽማግሌው ዳኛ ገሰገስኩ።

ዳኛው ሰሙኝ፤ አልተቆጡም። «እኔ የጨረስኩትን እኔ አልከፍትም፤ ይግባኝ በል፣ እመሰክራለሁ በል» አሉኝ። በሹፌሩ ስም አመለከትን። የበላዩ ፍርድ ቤት እስኪቀጥረን ዘጠኝ ወር ሄደ። ነጋዴው እግዜር ይስጠው መጥቶ መሰከረ፤ ነገር ግን የዚያን ቀን ጆንያ ማንም አልመዘነውም፣ ወረቀትም የለም። እኔም ቆሜ ስሙኒ ልገፋ ስል ዳኛው በእጃቸው ከለከሉኝ። እኚህ ሌላ ሰው ናቸው፣ ወጣትና ፈጣን።

«መምህር፣ ካቻምና በዚሁ ሂሳብ ሃምሳ ሦስት ነው ብለው ምለዋል። ዘንድሮ ሠላሳ ስድስት ነው እያሉ ነው። ለከርሞስ ስንት ይሆናል?»

ሂሳቡ አልተለወጠም፣ የለወጥኩት አንድ ቁጥር ነው ብዬ አስረዳሁ። እየተናገርኩ ራሴን ስሰማው የሐሰተኛ ሰው ድምፅ ነበረው። በመጀመሪያው ጊዜ ስሳሳት ያመኑኝ ሁሉ፣ እውነቱን ስናገር አላመኑኝም። ልፈርድባቸው አልችልም። ፍርዱ ጸና።

ወህኒ ቤት ሄጄ የነገርኩት እኔው ነበርኩ። ዳቦና ሁለት የክር ካልሲ ይዤለት ሄድኩ፤ እንዴት ያለ ካሳ ነው! ከዚያ በፊት ፊቱን ለማየት አቅም አጥቼ፣ ነገሩን ሁሉ በወንድሜ በኩል ነበር የምልክበት። ክንዱ ጠምሞ ገጥሟል። ጠጉሩ ሸብቷል። ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ሁሉንም ሳያቋርጠኝ ሰማኝ፤ በርበሬውን፣ ሠላሳ ኪሎውን፣ የዳኛውን ቃል። «በድዬሃለሁ» አልኩት። ይቅርታ የሚለው ቃል አልወጣልኝም፣ ትንሽ መስሎ ታየኝ።

«ስንት ነው አልክ አሁን?» አለኝ።

«ሠላሳ ስድስት።»

«ሠላሳ አምስት ነበር ያልኩት» አለ። ቀጥሎ የተናገረውን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«የኔታ ፍጠን ብለውኝ ነበር። ታቦት ሳይወጣ ልድረስ፣ ከወረታ ወዲህ እንኳ ትንሽ ፍጠን ልጄ አሉኝ። አይሆንም የኔታ፣ ከተማ ነው፣ ሰው አለ አልኳቸው። ተቆጡኝ። ጥላውን ወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ መቱና ፊታቸውን አዞሩብኝ። እንደተቆጡኝ ነው የሞቱት።»

ይህን ለምን ለዳኛው እንዳልተናገረ ጠየቅሁት። ይህ እኮ አለመፍጠንህን ያሳይ ነበር አልኩት።

«ፍጠን ብለውኝ ነበር ብል፣ እንግዲያማ ፈጥነሃል አትሉም ነበር?» አለኝ። «ለእኔ አይጠቅም፣ የሳቸውን ስም በሞቱበት ያነሳል። ተውኩት።»

እንል ነበር። ከሁሉ ቀድሜ እኔ እል ነበር። ዘበኛው ሰዓት አልቋል ሲል ዳቦውን ተቀበለኝ፣ ካልሲውን ለሌላ እስረኛ እንድሰጥለት ጠየቀኝና ገባ። የቀረውን ሦስት ዓመት ተኩል ጨረሰ። እናቱ ሲወጣ አልጠበቀችውም፤ ከዚያ ወዲያ በሁለተኛው ክረምት ሞታለች።